ለባለብዙ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ከጓደኞች ጋር መለማመድ፦ የሚና ጨዋታ ጣቢያ አዘጋጃጀትና የግብረ መልስ አሰጣጥ

ባለብዙ ጣቢያ አጭር ቃለ መጠይቅ፣ በተለምዶ ኤም ኤም አይ የሚባለው፣ ካናዳ ውስጥ በሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ለመምረጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በጥናት መልክ ከታተመ ወዲህ በብዙ አገሮች የጤና ሙያ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ የመምረጫ መንገድ ሆኗል። በመጀመሪያው አሠራር አመልካቹ 10 ጣቢያዎችን በየተራ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በ2 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ ይገባና 8 ደቂቃ ይቆያል፤ ደወል ሲደወል ወጥቶ ወደሚቀጥለው ያመራል። ዛሬ የጣቢያው ብዛትና ደቂቃው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ፣ የተላከላችሁ የጥሪ ደብዳቤ የሚገልጸውን ልክ ያዙ፤ ካልገለጸ 2 እና 8 ደቂቃን ለልምምድ መጠቀም ይቻላል።

ከጣቢያዎቹ መካከል ጓደኛ ከሌለ ፈጽሞ ሊለማመዱት የማይቻለው የሚና ጨዋታ ጣቢያ ነው። በሌሎቹ ጣቢያዎች ገምጋሚው ጥያቄ ይጠይቃል፣ አመልካቹ ሐሳቡን ያስረዳል፤ ይህን ብቻን ተቀምጦ ጮክ ብሎ በመናገርም በከፊል ማዳበር ይቻላል። በሚና ጨዋታው ግን ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቃችሁ የተቆጣ፣ ያዘነ ወይም አንድ ነገር የደበቀ ሰው የሚጫወት ተዋናይ ነው፤ ገምጋሚው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። የሚመዘነውም የእናንተ ንግግር በዚያ ሰው ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ይህ መመሪያ በዚህ ጣቢያ ላይ ብቻ ያተኩራል።

ችግሩ ጓደኛ ለጓደኛ ማዘኑ ነው። የተቆጣ ሰው እንዲጫወት የተነገረው ጓደኛ ሁለት ደግ ቃል ሲሰማ ይለሳለሳል፤ ሊደብቀው የሚገባውን ሚስጥር ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ገምጋሚ የሆነውም «በጣም ጥሩ ነበር፣ ትንሽ ብቻ ፈጠንክ» ብሎ ያልፋል። በዚህ መንገድ አሥር ጊዜ የተለማመደ ቡድን አሥር ጊዜ ተመሳሳዩን ስሕተት ያጸናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር አብዛኛው ክፍል ጓደኝነቱ ልምምዱን እንዳያለሰልሰው የሚያደርግ አጥር ነው።

አንደኛ፦ ሚናዎችን ማከፋፈል

የሚመቸው የሰው ብዛት አራት ነው፦ አንዱ አመልካች፣ አንዱ ተዋናይ፣ አንዱ ገምጋሚ፣ አንዱ ሰዓት ያዥ። ሰዓት ያዡ ደወል ከመደወል በተጨማሪ የተባለውን ቃል በቃል ይመዘግባል፤ ይህ ሥራ ቀላል ቢመስልም ለግብረ መልሱ ትልቁን ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሦስት ከሆናችሁ ገምጋሚው ሰዓቱንም ይይዛል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ በሁለታችሁም ፈቃድ በስልክ ቅረጹና ድምፁን አብራችሁ አዳምጡት፤ ተዋናዩ እየተጫወተ በትክክል መገምገም አይችልምና።

ከልምምዱ ቀን በፊት እያንዳንዱ አባል አንድ ጣቢያ ጽፎ ይመጣል፤ የጻፈውንም ለማንም አያሳይም። የአንደኛው ሰው ጣቢያ ሲቀርብ ጸሐፊው ራሱ ገምጋሚ ይሆናል፣ ሁለተኛው የተዋናዩን ወረቀት ተቀብሎ ይጫወታል፣ ሦስተኛው አመልካች ነው፣ አራተኛው ሰዓት ይይዛል። በሚቀጥለው ጣቢያ ሁሉም አንድ ቦታ ይገፋል፦ ሁለተኛው የራሱን ጣቢያ ይገመግማል፣ ሦስተኛው ይጫወታል፣ አራተኛው አመልካች ይሆናል፣ አንደኛው ሰዓት ይይዛል። አራቱ ጣቢያዎች ሲያልቁ እያንዳንዱ ሰው አራቱንም ሚና አንድ አንድ ጊዜ ይይዛል፤ ማንም አመልካች ቀድሞ ያየው ጣቢያ ውስጥ አይገባም። አንዱን ጣቢያ ለአራቱም ማቅረብ ሥራ ያቀልላል ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከመጀመሪያው ሰው በኋላ ሚስጥሩ ስለሚታወቅ የቀሩት ሦስቱ የሚለማመዱት መጠየቅን ሳይሆን ማስመሰልን ይሆናል።

ለአንድ ተራ 2 ደቂቃ ለንባብ፣ 8 ደቂቃ ለጨዋታው፣ 9 ደቂቃ ለግብረ መልስ፣ 4 ደቂቃ ደግሞ ለድጋሚ ያዙ። ድምሩ 23 ደቂቃ ነው፤ አራቱ ተራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከዚህ በላይ መቀጠል አልመክርም። ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚሳሳው ጨዋታው ሳይሆን ግብረ መልሱ ነው።

ሁለተኛ፦ የጣቢያውን ሦስት ወረቀቶች መጻፍ

ለአንድ ጣቢያ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለአመልካቹ በር ላይ የሚለጠፍ፣ አንዱ ለተዋናዩ፣ አንዱ ለገምጋሚው። የበሩ ወረቀት አጭር ይሁን፤ አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለና ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ ብቻ ይናገር። የሕክምና እውቀት የሚጠይቅ ነገር አታስገቡ፤ ጣቢያው የሚመዝነው ገና ትምህርቱን ያልጀመረን ሰው ጠባይና አነጋገር ነው። ጥሩ ጣቢያ ሁለት ባሕርያት አሉት፦ አመልካቹ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አመልካቹ ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገርም አለ። የመጀመሪያው መጠየቅን፣ ሁለተኛው ቃል ከመግባት መቆጠብን ይፈትናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። አመልካቾች የፈተናውን ጣቢያዎች ላለመግለጽ ብዙ ጊዜ ይፈርማሉ። ከእናንተ አንዱ ባለፈው ሳምንት ተፈትኖ ከሆነ ያየውን ጣቢያ ወደ ልምምዱ ማምጣት ፊርማውን ማፍረስ ነው፤ ሊያስቀጣውም ይችላል። የራሳችሁን ጻፉ። ደግሞም ጣቢያ መጻፍ ራሱ ከፍተኛ ልምምድ ነው፤ ሚስጥሩን የት እንደሚደብቅ ያሰበ ሰው በሌላ ጣቢያ የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጣቢያ በሙሉ እናዘጋጅ። የበሩ ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«እርስዎ የአራት ተማሪዎች የጥናት ቡድን አባል ነዎት። ቡድኑ ነገ ጠዋት የጋራ ሥራውን ያቀርባል። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ዮናስ ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች አልተገኘም፤ የእርሱን ድርሻ እናንተ ሦስታችሁ ጽፋችሁታል። ሁለቱ ባልደረቦችዎና እርስዎ ዮናስ ነገ ከአቅራቢዎቹ መካከል እንዳይሆን ወስናችኋል፤ ይህን እንዲነግሩትም እርስዎ ተመርጠዋል። ዮናስ ክፍሉ ውስጥ እየጠበቀዎት ነው። ገብተው ያነጋግሩት።»

የተዋናዩ ወረቀት ረዘም ይላል፤ ሙሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። በመጀመሪያ እውነታዎቹ ይሰፍራሉ፦ ዮናስ ውሳኔውን አያውቅም። እናቱ ከታመሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ሌሊት ሌሊት የሚያስታምማቸው እርሱ ነው። ሰበብ የፈጠረ እንዳይመስልበት ስለሚፈራ ለማንም አልተናገረም። የድርሻውን ጽሑፍ ትናንት ሌሊት ጨርሶ ይዞ መጥቷል። ቀጥሎ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይጻፋል፦ «በመጨረሻ ጨረስኩት! ነገ የእኔ ክፍል ስንተኛ ላይ ነው?» የመክፈቻ ቃሉን ለተዋናዩ ፈጠራ መተው አይገባም፤ አመልካቹ የሚገጥመው የመጀመሪያ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት «እንዲህ ካለ፣ እንዲህ በል» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው፤ የተዋናዩን ርኅራኄ የሚገድቡትም እነርሱ ናቸው። አመልካቹ ውሳኔውን እንደ ሌሎች ሰዎች ውሳኔ አድርጎ ካቀረበ ዮናስ «አንተስ? አንተ ምን አልክ?» ብሎ ይጠይቃል። አመልካቹ ውሳኔውን ተናግሮ ለዮናስ የመናገሪያ ጊዜ ካልሰጠው፣ ዮናስ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሳትጠይቁኝ ወሰናችሁ?» ይላል፤ ከዚያም መልሱን ያሳጥራል። ለምን እንደቀረ በወቀሳ መልክ ወይም ብዙ ጥያቄ ባንድ ጊዜ ተደራርቦ ከተጠየቀ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ያቆማል። አንድ ክፍት ጥያቄ ተጠይቆ አመልካቹ ዝም ብሎ ከጠበቀው «ቤት ውስጥ ችግር ነበር» ይላል። ከዚያ በኋላ ሳይጫነው እንዲናገር ከጋበዘው ብቻ ስለ እናቱ ይናገራል። አመልካቹ ውሳኔውን እንደሚያስቀይር ቃል ከገባ «ሌሎቹ ተስማምተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻም የተከለከሉት ይዘረዘራሉ፦ አታልቅስ፣ ክፍሉን ጥለህ አትውጣ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ አዲስ ታሪክ አትፍጠር።

የገምጋሚው ወረቀት በአንድ ገጽ ግማሽ ያልቃል። አራት ነጥብ ይበቃል፦ ውሳኔውን በግልጽና የራሱን ድርሻ ሳይደብቅ ተናገረ ወይ? የማያውቀውን ነገር ለማወቅ ጠየቀ ወይ? ቁጣ ሲመጣ ጸንቶ ቆየ ወይ? በመጨረሻ በእጁ ያለውን ብቻ ተስፋ ሰጠ ወይ? ከእነዚህ ሥር ከ1 እስከ 10 አንድ አጠቃላይ ነጥብ ይሰጣል። አሥራ አምስት ነጥብ የሚዘረዝር ቅጽ ገምጋሚውን ምልክት አድራጊ ያደርገዋል፤ ዓይኑም ከሰዎቹ ላይ ይነሳል።

ሦስተኛ፦ ጣቢያውን ማካሄድ

አመልካቹ ከክፍሉ ውጭ ቆሞ የበሩን ወረቀት ያነባል። በ2 ደቂቃው ውስጥ የሚናገረውን ንግግር ማዘጋጀት የለበትም፤ ዮናስ የሚለውን ገና አላወቀምና። ይልቁንም አራት ነገር ለራሱ ይመልስ፦ እኔ ማን ነኝ፣ እርሱ ለእኔ ምኔ ነው፣ ምን እንዳደርግ ተጠየቅሁ፣ የማላውቀው ምንድን ነው። የአራተኛው ጥያቄ መልስ ወደ ክፍሉ ይዞት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሆናል።

ደወል ሲደወል አመልካቹ አንኳኩቶ ይገባል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማንም ከሚናው አይወጣም። ቢስቅም፣ ቃሉ ቢጠፋበትም፣ «ከመጀመሪያው ልጀምር» ቢልም አይፈቀድለትም። ገምጋሚው ፊቱን አያበራም፣ አይነቀንቅም። ይህ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ በእውነተኛው ጣቢያም ገምጋሚው ፊቱን ሊቋጥር እንደሚችል ማወቅና መልመድ ያስፈልጋል። አመልካቹም ወደ ገምጋሚው ዞሮ «እዚህ ላይ እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ መግለጽ ከጀመረ ሰዓት ያዡ ይመዝግበው፤ የሚና ጨዋታን ወደ ማብራሪያ መቀየር ከሁሉ የተለመደው መሸሻ ነው።

ሰዓት ያዡ ደቂቃውንና ቃሉን ጎን ለጎን ይጻፍ። «1 ደቂቃ፦ ሦስት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ» የሚል መስመር በኋላ ከየትኛውም አስተያየት የበለጠ ያሳምናል። አመልካቹ በ4ኛው ደቂቃ ቢጨርስ የቀረው ጊዜ አይታጠፍም፤ ሁሉም በሚናው እንዳለ ደወሉን ይጠብቃል። ቶሎ የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጨረሰው ያልጠየቀው ነገር ስላለ ነው፤ ያን ዝምታ ተቀምጦ ሲሸከመው ደግሞ ምን እንደቀረ ራሱ ይገባዋል።

አራተኛ፦ ግብረ መልስ

ደወሉ እንደተደወለ ተዋናዩ ከሚናው በይፋ ይውጣ። የራሱን ስም መናገርና ወንበር መቀየር ይበቃል። ይህ ልማድ በተለይ ጨዋታው ቁጣ ወይም ሐዘን ያለበት ሲሆን ተዋናዩንም አመልካቹንም ያሳርፋል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ፣ የተዋናዩ ወረቀት ከግል ሕይወቱ ጋር የሚነካካ ሆኖ ካገኘው ምክንያት ሳይጠየቅ ወረቀቱን መልሶ ሚናውን ከሰዓት ያዡ ጋር የመቀያየር መብት ይኑረው።

ማንም ከመናገሩ በፊት ገምጋሚው፣ ሰዓት ያዡና አመልካቹ ራሱ ለየብቻ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይጻፉ። ነጥቡ ስለ እውነተኛው ፈተና ውጤት የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ጓደኛችሁን ስለምታውቁት በእርግጠኝነት የተዛባ ነው። ጥቅሙ በልዩነቱ ላይ ነው። አመልካቹ ለራሱ 8 ሰጥቶ ገምጋሚው 5 ከጻፈ፣ አንዱ ያየውን ሌላው አላየውም ማለት ነውና የዚያ ተራ ውይይት ከዚያ ይጀምር።

የግብረ መልስ ቅደም ተከተል ብዙ ዓይነት አለው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፔንድልተንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ለሐኪሞች ሥልጠና ያወጡት በስፋት የሚታወቀው አካሄድ መጀመሪያ ተለማማጁ ጥሩ የሠራውን ራሱ እንዲናገር፣ ቀጥሎ ተመልካቾቹ ጥሩውን እንዲጨምሩ፣ ከዚያ ተለማማጁ ሊለውጠው የሚፈልገውን እንዲናገር፣ በመጨረሻ ተመልካቾቹ የሚለወጠውን እንዲጠቁሙ ያዛል። ለጓደኞች ቡድን ግን አንድ ማሻሻያ እጨምራለሁ፦ ከአመልካቹም በፊት ተዋናዩ ይናገር። ስሜቱ ገና ትኩስ ነው፤ ከሌሎቹ አስተያየት በኋላ ከተጠየቀ የራሱን ትቶ የእነርሱን ይደግማል። ተዋናዩ የሚናገረው እንደ ዮናስ የተሰማውን ብቻ ነው፤ ምክር አይሰጥም። «ሦስቱን ጥያቄዎች ስትጠይቂኝ የትኛውን እንደምመልስ ስላላወቅሁ ቀላሉን መለስኩ» የሚል ቃል ከእርሱ በቀር ማንም ሊናገረው አይችልም።

ለገምጋሚው አንድ ሕግ ይበቃል፦ የሰማኸውን ቃል ጥቀስ፣ ከዚያ ያመጣውን ውጤት ተናገር፣ ከዚያ አቁም። «ርኅራኄ ይጎድልሃል» ማለት ስለ ሰውየው የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ሊያርመውም አይችልም። «ዮናስ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቶሎ ስለ ስላይዱ ማውራት ጀመርክ፤ ከዚያ በኋላ ዮናስ ሁለት ቃል ብቻ ነው የመለሰው» ማለት ግን ነገ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። ስለ አነጋገር ዘዬ፣ ስለ ድምፅ ቅላጼ፣ ስለ መልክ አስተያየት አይሰጥ።

በመጨረሻ የሚለወጠው ነገር አንድ ብቻ ይሁን። አራት ስሕተት ቢታይም ሦስቱ ለሌላ ቀን ይቆዩ። የተመረጠው አንዱ ስሕተት የተፈጠረበትን ደቂቃ ሰዓት ያዡ ከመዝገቡ ያነባል፤ ተዋናዩ በዚያ ቦታ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ይደግማል፤ አመልካቹ ከዚያ ጀምሮ ለ4 ደቂቃ እንደገና ይጫወታል። ይህን ድጋሚ የሚዘሉ ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ እኔም በነበርኩበት ቡድን ለሳምንታት ዘልለነው ነበር። ስሕተቱን ሁላችንም በቃል እናውቀው ነበር፤ በተግባር ግን አልለቀቀንም። ድጋሚውን ስንጀምር ነው ለውጥ ያየነው።

የአንድ ተራ አካሄድ በዝርዝር

አመልካቿ የዮናስን ጣቢያ ስትገባ ዮናስ የመክፈቻ ቃሉን ተናገረ። እርሷ እንዲህ አለች፦ «ዮናስ፣ እንዴት ነህ? ስማ፣ እኔ በግሌ ባልስማማም ልጆቹ ነገ እንዳታቀርብ ወስነዋል።» ዮናስ በወረቀቱ መሠረት «አንቺስ? አንቺ ምን አልሽ?» አላት። «እኔማ... ምን ላድርግ፣ ሁለት ለአንድ ናቸው» ብላ ወዲያው ቀጠለች። «ሳትጠይቁኝ ወሰናችሁ?» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚከተለውን መለሰች፦ «ስሜትህ ይገባኛል፤ ግን ሦስት ጊዜ ቀረህ። ለምንድን ነው የቀረኸው? አሞህ ነበር? ወይስ ሌላ ሥራ አግኝተህ ነው?» ዮናስ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ዝም አለ። እርሷም ዝምታውን መቋቋም ስላቃታት «በቃ እሺ፣ እኔ አናግሬያቸው እንድታቀርብ አደርጋለሁ፣ አታስብ» አለች። ሰዓቱ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። የቀረው ጊዜ ያንኑ ቃል በልዩ ልዩ መልክ በመድገም አለፈ።

አመልካቿ ለራሷ 7 ጻፈች፤ ሰውየውን ስላረጋጋችው ጥሩ እንደሄደ ተሰምቷት ነበር። ገምጋሚው 4፣ ሰዓት ያዡ 5 ጻፉ። ተዋናዩ መጀመሪያ ተናገረ፦ «ስሜትህ ይገባኛል ስትይኝ ምን እንደተሰማኝ ገና አልነገርኩሽም ነበር፤ ስለዚህ አላመንኩሽም። መጨረሻ ላይ እንዳቀርብ አደርጋለሁ ስትይኝ ደስ አለኝ፣ ግን ነገ ጠዋት ሌሎቹ እምቢ ካሉ ሁለተኛ የተዋረድኩ እሆናለሁ።» ይህን ስትሰማ አመልካቿ ያረጋጋችው በማትችለው ነገር መሆኑን ራሷ ተናገረች። የበሩ ወረቀት ደግሞ ውሳኔው የእርሷም እንደሆነ ይገልጻል፤ «ባልስማማም» ማለቷ ከወረቀቱ ጋር የሚጋጭ፣ ራሷን ለማዳን የፈጠረችው ቃል ነበር።

ስሕተቶቹ ቢያንስ ሦስት ናቸው፦ ከውሳኔው ጀርባ መደበቅ፣ ሦስት ጥያቄ መደርደር፣ የሌላትን ሥልጣን ቃል መግባት። ገምጋሚው የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱም የእናቱ መታመም ቢወጣ ኖሮ ቃል የመግባቱ ጥድፊያ በራሱ ሊቀር ይችል ነበር፤ ሰው የሚያረጋጋው ነገር ሲያጣ ነው ተስፋ የሚያበዛው። ሰዓት ያዡ ቦታውን አነበበ፤ ዮናስ «ሳትጠይቁኝ ወሰናችሁ?» የሚለውን ደገመ።

በድጋሚው እንዲህ አለች፦ «አዎ፣ ሳንጠይቅህ ወሰንን። እኔም አለሁበት።» ትንሽ ቆይታ «ሦስቱንም ስብሰባ አልመጣህም። ምን ገጥሞህ ነበር?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። ሰዓት ያዡ እስከ ስድስት ሰከንድ ቆጠረ፤ ለተቀመጠው ሰው ስድስት ሰከንድ በጣም ረጅም ነው። ዮናስ «ቤት ውስጥ ችግር ነበር» አለ። «ልትነግረኝ ከፈለግህ እሰማሃለሁ፤ ካልፈለግህም ግድ የለም» አለችው። ዮናስ ስለ እናቱ ተናገረ። እርሷም «ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ነው የቆየኸው ማለት ነው» ብላ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ውሳኔውን ብቻዬን ልለውጠው አልችልም። የጻፍከውን ግን አሁኑኑ አየዋለሁ፤ ከፈቀድህልኝም ዛሬ ማታ አራታችንም ተገናኝተን እንደገና እንነጋገር። ስለ እናትህ ለእነርሱ መናገር ያለብህ አንተ ነህ፤ እኔ ያለ ፈቃድህ አልናገርም» አለች።

የዮናስ ወረቀት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር። ምስጢሩን ያወጣው የጥያቄው አቀራረብና ከጥያቄው በኋላ የነበረው ዝምታ ነው። አመልካቿ ሚስጥሩን ከመጀመሪያው ዙር ግብረ መልስ ብትሰማውም ድጋሚው ዋጋ አለው፤ የሚለማመደው መገመት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ጠይቆ አፍን መያዝ ነውና።

ልምምዱ መበላሸቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ተዋናዩን «ሚስጥሩን ያወጣኸው በየትኛው ቃል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የአመልካቹን ቃል ጠቅሶ መመለስ ካልቻለ በርኅራኄ ሰጥቶታል ማለት ነው፤ ያ ተራ እንዳልተካሄደ ይቆጠር። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ መጫወቱን የወደደ ተዋናይ ቁጣውን እያባባሰ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁልፍ ቢነካም አልከፍትም ይላል። ይህም ልምምዱን ያበላሻል፤ አመልካቹ በትክክል ጠይቆ ምንም ካልተከፈተለት በሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛውን መንገድ ይተወዋል።

ሌላው ምልክት የሁሉም አመልካቾች አነጋገር መመሳሰል ነው። አንዱ «ልትነግረኝ ከፈለግህ እሰማሃለሁ» ብሎ ስለተሳካለት ሌሎቹ በየጣቢያው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያስገባሉ። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ የተሸመደደ መሆኑን ተዋናዩ ወዲያው ያውቀዋል፤ እንዳወቀውም በግብረ መልሱ ላይ ይናገር። የሠለጠነ ገምጋሚም እንዲሁ ያውቀዋል።

ከሦስት ወይም ከአራት ስብሰባ በኋላ የጓደኞቻችሁን ፊት ማንበብ ስለምትለምዱ ልምምዱ ይቀልላችኋል። ያኔ ከሌላ ቡድን ተዋናይ ተበደሩ፤ የማታውቁት ሰው ቁጣ ሌላ ክብደት አለው። በዚያው ደረጃ ሁለት ጣቢያዎችን ያለ ግብረ መልስ አከታትላችሁ ማካሄድም ጀምሩ። በእውነተኛው ፈተና እያንዳንዱን ጣቢያ የሚገመግመው ሌላ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ክፍል የደረሰውን አራተኛው አያውቅም። አሠራሩ ከመነሻው በብዙ አጫጭር ጣቢያዎች የተከፋፈለውም ሰው በአንድ ሁኔታ የሚያሳየው ብቃት በሌላው የሚያሳየውን በደንብ ስለማይተነብይ ነው። አመልካቹ ግን የተበላሸውን ጣቢያ ተሸክሞ ወደሚቀጥለው የመግባት ዝንባሌ አለው። ይህን ለማየት የመጀመሪያውን ጣቢያ ሆን ብላችሁ ከባድ አድርጉትና በሁለተኛው በር ላይ ያለውን ወረቀት ምን ያህል እንዳነበበ ተመልከቱ፤ ገብቶ የሰውየውን ስም ከሳተ ወይም ሚናውን ካደናገረ አሁንም ያለው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው።

ከስብሰባው በኋላ እያንዳንዱ ሰው የዚያን ቀን የተሰጠውን አንድ የሚለወጥ ነገር በአንድ መስመር በጋራ ደብተር ላይ ይጻፍ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ጣቢያ የሚጽፈው አባል የእርሱን ጣቢያ የሚገባው አመልካች ማን እንደሆነ ከተራው ስለሚያውቅ፣ የዚያን ሰው መስመር አንብቦ ያንን ድክመት ሳይጠቅስ የሚነካ ጣቢያ ያዘጋጅ፦ ጥያቄ ለሚደረድር ሰው መልሱን የሚያሳጥር ተዋናይ፣ ቃል ለመግባት ለሚቸኩል ሰው ደጋግሞ የሚለምን ተዋናይ፣ ቁጣን ለሚሸሽ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቆጣ ተዋናይ።